ያልተመረመረ መርዶ

አምባሰል ላይ የሞተው ሐቢብ ነው። ከውጫሌ ከፍ ብላ ባለችው መንደር ዳስ ተጥሏል፤ ሰው ከየአቅጣጫው «ሶብር ይስጥሽ» እያለ ወደ እናቱ ወደ አሚናት ቤት ይጎርፋል፤ ከጁምዓ በኋላም፣ አስከሬን ሳይኖር ለሩቅ ሟች የሚሰገደው ሰላት ተሰግዶለታል።

ሐይቅ ከተማ ላይ ደግሞ የሞተችው ሴት ናት። ስሟ አልተጠቀሰም። ወደ ሐይቁ በሚያወርደው መንገድ ዳር ካለችው ጠባብ ቢሮ ውስጥ፣ ኮምፒውተሩ ላይ የተጻፈው «ማክሰኞ ጠዋት አረፈች» ነው የሚለው።

ሁለቱም ወሬ የመጣው ከአንድ መልእክት ነው። የጻፈችው ሴት አንድ ናት፣ የጻፈችበትም ቋንቋ ስፔንኛ ነው።

የቢሮው ተርጓሚ ወንዱ ቅዳሜ ጠዋት ወደ ቢሮው ሲገባ ይህን አንዱንም አያውቅም ነበር። መብራትና ኔትዎርክ ተያይዘው ጠፍተው ስለሰነበቱ ቢሮው ተዘግቶ ከርሟል። በር ላይ ዓሣ የሚሸጡትን ሴቶች ሰላም ብሎ፣ ከጫማው ላይ ጭቃውን አራግፎ ሲገባ፣ የሥራ ባልደረባው ሉብና መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ከኮምፒውተሩ ጋር ተፋጥጣለች።

«ጋሽ ወንዱ፣ ዛሬስ ቀልድ የለም» አለችው። «ና እስቲ ተቀመጥ።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በቀልድ ነበር የሚጀምሩት። ሥራቸው ቀደም ባሉት ዓመታት ከአምባሰልና ከሐይቅ ዙሪያ ለጉዲፈቻ ወደ ስፔን የሄዱ ልጆችን ከወለዷቸው ቤተሰቦች ጋር ማገናኘት ነው። አሳዳጊዎቹ በስፔንኛ ይጽፋሉ፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለው የትርጉም ማሽን በአንድ ትንፋሽ ወደ አማርኛ ይገለብጠዋል፤ ከዚያ ወንዱ ሳያየው ምንም ነገር ከዚህ ቢሮ አይወጣም። ማሽኑ ደግሞ ሰው አያውቅም። ባለፈው ለአሮጊቷ ለእማማ ረቢያ «አንተ ጎበዝ እናት ነህ» ብሎ ጽፎላቸው፣ ሉብና ያንን ስትነግራቸው በቀሩት ጥርሶቻቸው ሁሉ ስቀው «በስተርጅና ወንድ አደረገኝ!» ብለዋል።

ወንዱ ስፔንኛ የተማረው ኩባ ነው። በልጅነቱ፣ አባቱ ግንባር ላይ ከወደቀ በኋላ፣ በመርከብ ተጭነው ወደዚያች ደሴት ከተላኩት ልጆች አንዱ ነበር። እዚያው አድጎ፣ የእንስሳት ሕክምና ተምሮ ተመለሰ፤ ከዚያም ጡረታ እስኪወጣ ድረስ የሐይቅንና የአምባሰልን ከብት አክሟል። የስፔኖቹ አነጋገር ከኩባው ይለይበታል፤ አንዳንዴ አንድን ቃል ይዞ ግማሽ ቀን ያብሰለስላል። «ከብት ሳክም የማላውቀውን አልወጋም ነበር፤ እዚህም ያው ነው» ይላል።

አሁን ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። በግራ በኩል የፒላር ስፔንኛ፣ በቀኝ በኩል የማሽኑ አማርኛ ተደርድሯል። ፒላር የአሚናትን ሁለት ልጆች፣ ሐቢብንና ታናሽ እህቱን ሰሚሃን፣ ወስዳ ያሳደገች ሴት ናት። መልእክቷ አጭር ነው። ማክሰኞ ጠዋት ሞት መግባቱን፣ ሰላማዊ መሆኑን፣ ኋላ ረዘም አድርጋ እንደምትጽፍ ብቻ ይናገራል። የሟች ስም የለበትም።

«ስፔንኛው እዚህ ጋ ሴት ነው ወንድ?» አለች ሉብና።

«‹ፋዬሲዮ› ነው ያለችው። ‹ሞተ› ማለትም ‹ሞተች› ማለትም ይሆናል፤ እነሱ ግሱ ላይ አይለዩትም። እኛ ግን ሳንለይ አንድ ዐረፍተ ነገር መጨረስ አንችልም። ማሽኑ ግድ ሲሆንበት አንዱን ያነሣል። ብዙ ጊዜ ‹ሞተ›ን ነው የሚያነሣው፤ ይኼኛው ግን ‹ሞተች›ን አንሥቷል።» ጣቱን ወደ ታች አወረደ። «አጋጣሚ ሆኖ ልክ ነው። ይኸውልሽ፣ ከታች ‹ትራንኪላ› ትላለች። ‹ተረጋግታ ሄደች› ነው። ወንድ ቢሆን ‹ትራንኪሎ› ነበር የምትለው። የሞተችው ሴት ናት።»

«ማን?»

ዋናው ነገር እሱ ነበር። ወንዱ ወደ ኋላ ተመልሶ ቀድሞ የመጡትን መልእክቶች አነበበ። ካለፈው ወር ወዲህ የመጣ አንድ ብቻ ነው፤ ፒላር እናቷ፣ ልጆቹ አያቴ የሚሏት አሮጊት፣ ክፉኛ እንደታመመች ጽፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ምንም የለም። መሀል ላይ የተላከ ነገር ኖሮ፣ ኔትዎርክ በጠፋባቸው ቀናት ሳይደርስ ቀርቶ ይሆናል። ይህች አጭር መልእክት አንገቷ የተቆረጠ ይመስላል፤ የሆነ ነገር ነግራቸው ስታበቃ የቀጠለችው ነው የምትመስለው።

«አሮጊቷ ናት» አለች ሉብና ቶሎ ብላ። «ታማ አልነበረም እንዴ? አላህ ይማራት እንጂ አሮጊቷ ናት።»

«ትሆናለች።»

«ሰሚሃም ሴት ናት ልትለኝ ነው።»

«ሰሚሃም ሴት ናት» አለ ወንዱ።

ሰሚሃን ሁለቱም በፎቶ ያውቋታል፤ አገጯን ቀና አድርጋ የምትስቅ ልጅ። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ልቧ የታመመ ነበር። አሚናት ባሏ ከሞተ በኋላ ልጅቷ ሕክምና እንድታገኝ ብላ ፈቀደች፤ ባዕድ አገር ብቻዋን እንዳትሆን ብላ ደግሞ ደህናውን ልጅ፣ ሐቢብን፣ አብራ ሰጠች። «እሷን ለሐኪም፣ እሱን ለእሷ» ትላለች ሰው ሲጠይቃት። ልጁ ገና ጥርሱን ያልነቀለ ነበር፤ ያን ጊዜ እጁ ላይ የእህቱን እጅ አስይዛ «አደራዬን እንዳትለቃት» ብላዋለች።

ሉብና ስልኳን አነሣች። «ለማንኛውም ለዘይኑ ልንገረው፤ መልእክት መጥቷል፣ እየተጣራ ነው ልበለው።»

ዘይኑልአቢዲን የአሚናት ታናሽ ወንድም ነው፤ ውጫሌ ላይ እህል ይነግዳል፤ የቤተሰቡ ስልክ ከእሱ ዘንድ ነው። ሉብና የስልኩን ድምፅ ከፍ አድርጋ ደወለች።

«አሰላሙ ዐለይኩም ዘይኑ። ከስፔን አንድ መልእክት…»

«ወዐለይኩም ሰላም። ኧረ እናንተን ብንጠብቅ ኖሮ ሳንሰማ ቀርተን ነበር» አለ ዘይኑ። ድምፁ ሻክሯል። «ፈረንጇ ለእኔም ላከችው። ስልኬ ላይ ያለው ተርጓሚ ነገረኝ። ሐቢባችን ሞተ ሉብና። ትናንት ጁምዓ ተሰገደለት።»

ሉብና አፏን ይዛ ወንዱን አየችው። ወንዱ ስልኩን ተቀበላት።

«ዘይኑ፣ ወንዱ ነኝ። ምን ነበር ያለህ ስልኩ? ቃል በቃል ንገረኝ።»

«‹ማክሰኞ ጠዋት ሞተ። ተረጋግቶ ሄደ።› ሌላ ምን ይበለኝ ጋሽ ወንዱ? ወንድ ልጅ ከእነሱ ዘንድ ያለን አንድ ነው።»

«ለሌላ ሰው አሳየኸው?»

«መርዶ ይዤ በየቤቱ ልዞር ኖሯል? ሽማግሌ ሰብስቤ፣ ገና ወፍ ሲንጫጫ፣ አሚናት ከቤት ሳትወጣ ነገርናት። ቢያድር ኖሮ ከገበያ ሰው ትሰማው ነበር።»

ወንዱ ዓይኑን ጨፈነ። ዘይኑ ያደረገው ሁሉ ደንብ ነው። መርዶ ይዞ ማደር ነውር ነው፤ የመርዶን ቃል ለሰው ማሳየት ነውር ነው፤ ሐዘንተኛዋ ከሌላ አፍ እንዳትሰማ መሽቀዳደም ደግሞ ወንድምነት ነው። አንድ ሰው እንኳ ስልኩን ተቀብሎ «ፈረንጇ ስሙን ለምን አልጠራችውም?» ብሎ አልጠየቀም። መጠየቅ የሚችል ሰው እንዳያየው ያደረገው ያው ደጉ ደንብ ነው።

«ዘይኑ፣ ስማኝ» አለ ቀስ ብሎ። «የሞተው ሐቢብ አይደለም።»

ከወዲያ በኩል የበር መዝጊያ ድምፅ ተሰማ፤ ሰው ከሌለበት ገብቶ መሆን አለበት።

«ጋሽ ወንዱ፣ ወላሂ እንዲህ ባለ ነገር አይቀለድም።»

«ስፔንኛውን አይቻለሁ። የሞተችው ሴት ናት። ማን እንደሆነች ግን አላወቅሁም። ልጠይቅ ነው። እስከዚያ ለአሚናት አንዲት ቃል እንዳትናገር።»

«ልጇ ሕያው ነው እያልከኝ፣ እየሰማሁ እንዴት ላስለቅሳት?»

«እህቱ ልትሆን ትችላለች» አለ ወንዱ።

ዘይኑ «ያ አላህ» ብሎ ስልኩን ዘጋው።

ወንዱ መጻፍ ጀመረ። ጥያቄው አንድ ነው፤ ማን ነው የሞተው? በአማርኛ ቢሆን በሦስት ቃል ያልቃል። ግን ሐዘን ላይ ያለች ሴትን «ማን ነው የሞተብሽ?» ማለት ራሱ በር መስበር ነው። ፒላር ለአሚናት ስትጽፍ ሁልጊዜ በአክብሮት ነው የምትጽፈው፤ እሱም በዚያው በአክብሮቱ ቋንቋ ጻፈላት። በኔትዎርክ ምክንያት ቀደም ብለው የላኳቸው ሳይደርሱን ቀርተው ይሆናል፤ ለእናትየው የተሳሳተ ነገር እንዳንነግር ፈርተናል፤ የሟችን ስም ቢጽፉልን። ጽፎ መልሶ አነበበው። ‹ፈርተናል› የምትለዋን አጠፋ፤ ከዚያ እንደገና መለሳት። እውነት ነበረችና።

ላከው። መጠበቅ ሆነ።

«አሮጊቷን በዱዓዬ ገደልኳት» አለች ሉብና ከቆይታ በኋላ። ልትስቅ ሞክራ አልሆነላትም። «አንዲት የማላውቃት አሮጊት ሞታ ይሁን ብዬ እየለመንኩ ቁጭ ብያለሁ። እሷም የሰው እናት ናት እኮ።»

ወንዱም የሚመኘው ያንኑ ነበር።

መልሱ ሲመጣ ዓሣ ሻጮቹ ለምሳ ጥላ ፍለጋ ተነሥተው ነበር። የመጀመሪያው መስመር አንድ ቃል ብቻ ነው። ስም።

ሰሚሃ።

ከሥሩ ረዘም ያለ ጽሑፍ ለአሚናት፤ ከዚያ ደግሞ ሐቢብ በራሱ የጻፋት ሁለት ሦስት መስመር። መሀል ላይ የጠፋው መልእክት፣ ልጅቷ ሆስፒታል መግባቷን የሚናገረው፣ እስካሁንም አልደረሰም።

ሉብና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ወንዱ ግን አላለቀሰም፤ እንዲህ ያለ ጊዜ እጁ ሥራ ይፈልጋል። የፒላርን ጽሑፍ በማሽኑ በኩል አሳልፎ፣ ግራና ቀኙን አስተካክሎ፣ ከላይ ጀመረ።

ማሽኑ «ይቅር በለኝ» ብሏል። አሚናትን ወንድ አድርጓት፣ ደግሞም አንተ ብሏታል። ወንዱ «ይቅር ይበሉኝ» አለው።

«‹ይቅር በይኝ› ቢሆንስ?» አለች ሉብና እንባዋን እየጠረገች። «ሁለቱም እናት ናቸው። ዕድሜያቸውም ያው ነው። ‹እርስዎ› ሲሆን የመንግሥት ደብዳቤ ይመስላል።»

«ልክ ነሽ፣ ይቀዘቅዛል» አለ ወንዱ። «ግን የመረጠችው እሷ ናት። ይህን ሁሉ ዘመን አንድ ቀን አንቺ ብላት አታውቅም። ልትቀርባት ስላልፈለገች አይመስለኝም፤ ልጆቿን አምና የሰጠቻትን ሴት ደፍራ አንቺ ማለት የከበዳት ይመስለኛል። እኔ ልቀንስባት አልችልም።»

ሉብና ራሷን ነቀነቀች።

ቀጣዩ መስመር ላይ ማሽኑ «ልጇን የምችለውን ያህል ተንከባክቤያለሁ» ብሏል። ወንዱ እዚህ ላይ ቆየ። ስፔንኛው «ሱ ኢኻ» ነው፤ የእሷ ልጅም፣ የእሱ ልጅም፣ በአክብሮት ሲሆን የእርስዎ ልጅም ይሆናል። ከላይ እስከ ታች የምታናግረው አሚናትን ነው። ስለዚህ «ልጅዎን» ነው። ማሽኑ ልጅቷን ከእናቷ ወስዶ ለሌላ፣ ለማትታወቅ ሴት ሰጥቷት ነበር። ወንዱ ለእናቷ መልሶ ሰጣት።

«ደካማ ልብ ነበራት» የሚለውም እንዲሁ አይሄድም፤ እንዲህ ከተባለ ፈሪ ነበረች የተባለ ይመስላል። «የልብ ሕመሟ ጸንቶባት ነበር» አለው። መጨረሻ ላይ «የእሷ እና የእኔ» የሚለውን «የእርስዎና የእኔ» አደረገው። ከዚያ አማርኛውን ብቻውን ለሉብና አነበበላት፤ ስፔንኛውን ሳታይ ማን ለማን እንደሚናገር፣ የሞተችው ማን እንደሆነች መልሳ እንድትነግረው። አንድም ሳትስት ነገረችው።

የሐቢብ ጽሑፍ ብቻ ቀረ። ልጁ አማርኛው ጠፍቶበታል። ለወለደችው እናት ስፔኖች እናታቸውን በሚያናግሩበት አኳኋን፣ በቅርበት ነው የጻፈው። ማሽኑ እዚህም ላይ «አልለቀቅኩትም» ብሏል፤ ዕቃ ይሁን ሰው የማይታወቅ፣ ወንድ የሆነ ነገር። ስፔንኛው ግን «ላ» ይላል። ሴት ናት። እህቱ ናት።

ወንዱ ያቺን አንዲት ቃል ካረመ በኋላ ተነሥቶ ወደ መስኮቱ ሄደ። ሐይቁ ከሩቅ አመድ መስሎ ይታያል።

«ነገ በጠዋት ነው የምንሄደው?» አለች ሉብና። «መርዶ በጠዋት ነው።»

«ይህ መርዶ ብቻ አይደለም። በሕይወት ያለ ልጇን እያለቀሰች ነው። ዛሬን ታልቅስ የምል ሰው አይደለሁም። እንሂድ።»

ሚኒባሱ ውጫሌ ሲያደርሳቸው ፀሐይ ወደ ምዕራብ ዘምበል ብላለች። ዘይኑ ባጃጅ ይዞ ጠበቃቸው። ገና ሳይጨባበጡ የወንዱን ፊት አይቶ ገባው። እህል ማከማቻው በር ላይ ካለ ጆንያ ላይ ተቀመጠና ለረጅም ጊዜ መሬት መሬት አየ።

«ጋሽ ወንዱ፣ አንድ ነገር ልለምንዎት» አለ በመጨረሻ። እስከዛሬ አንቱ ብሎት አያውቅም። «የሞተችው የፈረንጇ እናት ናት እንበላት። ልጁ አለ፤ አልሐምዱሊላህ፤ ዳሱ ይፍረስ። የሰሚሃን ቀስ ብለን፣ አንድ ዓመት ይለፍና፣ ኢንሻአላህ ስትበረታ።»

«ዘይኑ…»

«ስፔንኛ የሚያውቅ ከእርስዎ ሌላ ማን አለ? ማን ያይብናል? ሉብና ስትነግረኝ ኖራለች፤ ማሽኑ ያለውን እየሰረዙ ይጽፋሉ። ‹አንተ›ን ‹እርስዎ› ያደርጋሉ፣ ‹እሱ›ን ‹እሷ› ያደርጋሉ። ቀኑን ሙሉ ቃል ሲቀይሩ ይውላሉ። አንዲት ስም መቀየር ምን ይገድልዎታል?»

ሉብና ወንዱን አየችው። ጥያቄው ጥሩ ጥያቄ ነበር፤ ወንዱም አልናቀው።

«የምቀይረው እኮ የተላከው እንዲደርስ ነው» አለ። «ፒላር ያላለችውን ግን ከየት አመጣለሁ?»

«ለሰው ሲባል!»

ወንዱ አጠገቡ ካለው ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ይህን ለሰው አያወራም ነበር። «ኩባ እያለሁ» አለ፣ «እናቴ ሞተች። ደብዳቤው ትምህርት ቤቱ ዘንድ ደረሰ። ልጅ ነው፣ ፈተና አለበት፣ ይበርታ አሉና ደበቁኝ። ክፉዎች አልነበሩም፤ አሁን እንዳንተ ያሉ ደጋግ ሰዎች ነበሩ። እኔ ለእሷ መጻፌን ቀጠልኩ። ተምሬ ስመለስ ሐይቅ ላይ ከአውቶቡስ የወረድኩት የእሷን ቀሚስ በሻንጣ ይዤ ነው። ከሞቷ ይልቅ እስካሁን የሚቆጠቁጠኝ ለማን እጽፍ እንደነበር ሳስብ ነው። አሚናት ለሰሚሃ መልእክት ትልካለች ዘይኑ። ጤናዋን ትጠይቃለች። ያንን ወደ ስፔንኛ የምመልሰው እኔ ነኝ። ለማን ብዬ ልላከው?»

ዘይኑ በኩታው ጫፍ ዓይኑን ጠረገ። «እኔ አፌን አልከፍትም» አለ። «አንዴ ነግሬያት አይቻለሁ።»

«እኔ እነግራታለሁ።»

ባጃጇ መንገዱ እስካስኬዳት ወሰደቻቸው፤ የቀረውን በእግር ወጡት። ዳሱ ሥር ወንዶቹ ተነሥተው ቦታ ለቀቁላቸው። ዘይኑ ሼሁን በጆሮ አናገራቸው። ሼሁ «ዱዓው መንገድ አይስትም፤ አላህ ያውቃል» አሉና ተነሥተው አብረዋቸው ወደ ውስጥ ገቡ።

አሚናት በሴቶች ተከባ መሬት ላይ ተቀምጣለች። ድምፅዋ አልቋል። ወንዱን ስታይ «መጣህ ጋሽ ወንዱ» አለችው። «ጠባቂው ሞቶ ታማሚዋ ብቻዋን ቀረች። እሱን ለእሷ ብዬ ነበር እኮ የሰጠሁት። አሁን ማን እጇን ይይዛታል?»

ወንዱ ፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ። በመንገድ ላይ ያሰበው አጀማመር ሁሉ ጠፋበት።

«አሚናት፣ ሐቢብ በሕይወት አለ።»

ሴቶቹ እልል ሊሉ አፋቸውን ከፈቱ፤ የሼሁን ፊት ሲያዩ መልሰው ዘጉት። አሚናት አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኗ ከወንዱ ወደ ወንድሟ ሄደ፤ ዘይኑ ግድግዳውን ተደግፎ አንገቱን ሰብሯል።

«የስልኩ ተርጓሚ ነው የተሳሳተው» አለ ወንዱ። «እኛ ሳናየው ደረሳችሁ።»

«ልጄ አለ» አለች አሚናት ለራሷ። ሁለት ጊዜ አለችው። ከዚያ ድምፅዋ ወረደ። «ፈረንጇ ግን በከንቱ አልጻፈችም። ሞት አለ። አንተም ይህን ለመናገር ብቻ ቢሆን እየሳቅህ ነበር የምትመጣው።» እጁን ያዘችው። «ጋሽ ወንዱ፣ ታማሚዋ ናት?»

«ናት» አለ።

ለቅሶው እንደ ትናንቱ አልነበረም። ትናንት ጮኻ ነበር አሉ፤ ዛሬ ግን ድምፅ አላወጣችም። አንድ እጇን በሌላው ይዛ፣ አጥብቃ እያሸች፣ ወዲያና ወዲህ ተወዛወዘች። ሉብና ከኋላዋ አቀፈቻት። «አብሽሪ» ብሎ የሚያጽናናት ሰው አልተገኘም።

ቆይታ «ምን ብላ ጻፈች?» አለች።

ወንዱ ወረቀቱን አወጣ፤ መነጽሩን አጠለቀ፤ እንዲህ ሲል አነበበላት። «የተከበሩ ወይዘሮ አሚናት፤ ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎን የምችለውን ያህል ተንከባክቤያታለሁ። የልብ ሕመሟ ጸንቶባት ነበር። ማክሰኞ ጠዋት አረፈች። ስትሄድ ተረጋግታ ነበር፤ አልተሠቃየችም። ልጃችን ነበረች፤ የእርስዎና የእኔ።»

«የእኔ አለች?»

«‹የእርስዎና የእኔ› ነው ያለችው።»

አሚናት ራሷን ነቀነቀች። «ደግ ሴት ናት። እሷንም ሶብር ይስጣት።»

«ሐቢብም ጽፏል።»

«አንብበው።»

«እማ፣ ሐቢብ ነኝ። ምን እንደምልሽ አላውቅም። እስከ መጨረሻው አጠገቧ ነበርኩ። አልለቀቅኋትም።»

ያን ጊዜ ነው ድምፅ የወጣት። ወንዱ ወረቀቱን አጥፎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ። ዘይኑ መጥቶ እግሯ ሥር ወደቀ፤ «እኔ ነኝ፣ እኔው ነኝ የቸኮልኩት» እያለ። ራሱን ዳበሰችው። ሼሁ ወደ ውጭ ወጥተው ለወንዶቹ ሲናገሩ ተሰማ፤ ዳሱ ሥር ጉርምርምታ ሆነ። ሰው ደስ ይበለው ይዘን ጠፍቶት፣ እንዳለ ቆሟል።

«ዳሱን እንንቀለው ወይስ ይቆይ?» ብሎ አንድ ሽማግሌ ከበር ጠየቀ።

አሚናት ቀና አለች። ሻሿን አስተካከለች። ፊቷ ረጥቦ ነበር፤ ንግግሯ ግን አልተንቀጠቀጠም።

«ዳሱ አይነቀልም። ለሰሚሃ ገና አላለቀስኩም፤ ሐዘኑ ከዛሬ ይጀመርልኝ» አለች። ወደ ወንዱ ዞረች። «አንተ ደግሞ ለልጄ ጻፍለት። ‹አደራዬን አልበላህም› በለው፤ አስተካክለህ፣ እንዲገባው አድርገህ ጻፍለት። ሞተ ብዬ አልቅሼለት እንደነበር ግን አትጻፍ። እሱን ሲመጣ እኔው በአፌ እነግረዋለሁ።»